ከአስር ሰው አንዱ

በዚያ ሬዲዮ ጣቢያ የሠራ ሁሉ «ጋሼ ጆሮ» ይለው ነበር። ሥራው ሌሎች የጻፉትን ዜና ማይክሮፎን ፊት ከመድረሱ በፊት ማረም ሲሆን፣ በተለይ ቁጥር ያለበትን ወረቀት ሳያላምጥ አሳልፎ አያውቅም። ክፍሉ ከመተላለፊያው ጫፍ ነበር። ግድግዳው ድምፅ እንዲውጥ በወፍራም ጨርቅ ስለተለበጠ፣ እዚያ ገብቶ በሩን የዘጋ ሰው የገዛ ትንፋሹን ይሰማል። አዳዲስ ሠራተኞች ብዙ አይቆዩበትም፤ «ጆሮዬ ጭው አለብኝ» ብለው ይወጣሉ። እሱ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጦበታል።

ወደዚህ ሥራ ያስገባው አንድ የክረምት ዜና ነው። ያን ጊዜ ገና ጎልማሳ ሆኖ የቴፕ ክር ከመጋዘን የሚያመላልስ ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙ ሞላ። ጣቢያውም «የውሃው ከፍታ ሦስት ነጥብ ሰባት ሁለት ሜትር ደርሷል፤ ይህም ካለፈው ሳምንት ጋር ሲነጻጸር የአርባ አንድ ነጥብ ስድስት በመቶ ጭማሪ ያሳያል» ብሎ አነበበ። ዜናው ትክክል ነበር፤ አንዲት ስህተት አልነበረበትም። ሲመሽ እቤት ሲገባ ልብስ ሰፊ የሆነችው ታላቅ እህቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «ሬዲዮኑን ሰማሁት። ለመሆኑ ውሃው የት ደረሰ?» አለችው። «ሦስት ነጥብ…» ብሎ ጀመረና፣ እሱም የት እንደደረሰ እንደማያውቅ ገባው። በማግስቱ አለቃው ዘንድ ገብቶ፣ «ውሃው ከድልድዩ መደገፊያ ደርሷል፣ ቆሞ ለሚሄድ ሰው ከራሱ በላይ ነው ብንል ምን አለበት?» ብሎ ጠየቀ። አለቃው መነጽሩን አውልቆ፣ «ከነገ ጀምሮ ክር ማመላለሱን ተወው» አለው።

ከዚያ ወዲህ የሠራው ሥራ ሲታይ ቀላል ይመስላል። በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ዐይን ይመለስበታል፤ በአየር ላይ ያለ ቁጥር ግን አንዴ ካለፈ አለፈ ነው ይል ነበር። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ ከአንድ ቁጥር በላይ አያስገባም። መጀመሪያ ነገሩን ያስቀድማል፤ ሰሚው ስለ ሕጻናት ይሁን ስለ በጎች ካወቀ በኋላ ነው ብዛቱን የሚያስከትለው። አራት መቶ ሰማንያ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ አስራ ሁለት የሚለውን «ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ» ያደርገዋል። «ነጥብ» የምትባለውን ቃል እንደ ጠጠር ይፈራታል፤ ሰሚውን ጥርሱ ላይ ትመታዋለች ይላል። አኃዙንም በአኃዝ አይተወውም፤ አንባቢዋ ዜሮ ስትቆጥር እንዳትደናቀፍ በፊደል ይጽፍላታል።

የሥራው ምስጢር ግን እህቱ ነበረች። ሁለቱም ትዳር ሳይዙ፣ ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ በአንድ ቤት ይኖራሉ። ከበድ ያለ ጽሑፍ ሲገጥመው እቤት ይዞት ይመጣል። እሷ ጀርባዋን ሰጥታው የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች፤ እሱ ያነብላታል። ጨርሶ «ጆሮሽ ላይ ምን ቀረ፣ እታለም?» ይላታል። በራሷ አባባል የመለሰችውን ያስቀረዋል፤ የጣለችውን እሱም ይጥለዋል። ወረቀቱን አሳይቷት አያውቅም።

አንድ ወረቀት ከጤና ቢሮ የመጣ ዕለት ዝናብ ሳይዘንብ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። አስራ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሁለት የከተማው ነዋሪዎች መመርመራቸውን፣ ከነዚህም በአስር ነጥብ ሦስት በመቶው ላይ የተኛ፣ ማለትም ገና ያልተቀሰቀሰ የሳንባ ነቀርሳ መገኘቱን ይናገራል። ከሁለት ዓመት በፊት ስምንት ነጥብ አንድ በመቶ የነበረው የሃያ ሰባት ነጥብ ሁለት በመቶ ጭማሪ አሳይቷል ይላል። ጋሼ ጆሮ እርሳሱን አነሳ። የመጀመሪያው የተሰረዘው ሃያ ሰባቱ ነበር።

«እንዴ፣ ጋሼ! ዋናውን ዜና ሰረዙት እኮ!» አለች ዜና አንባቢዋ፤ በትከሻው ላይ አሻግራ እያየች።

«ሃያ ሰባት በመቶ ጨመረ ብትዪ፣ ሰው የሚሰማው ከመቶ ሰው ሃያ ሰባቱ ታሟል ብሎ ነው። የጨመረው ከስምንት ወደ አስር ነው። እንዲያው ስምንት የነበረው አስር ሆነ በዪና ተገላገዪ።»

«ከመቶ?»

«ከመቶ ሰው። ‹በመቶ› አይደለም፤ ‹ከመቶ ሰው›። ሰው ሰውን ነው የሚያየው።»

ከዚያም በላይ ማቅለል ግን አማረው። ከመቶ ሰው አስር ማለት ከአስር ሰው አንድ ነው፤ አስር ሰው ደግሞ ማንም በዐይኑ ሊያየው ይችላል። ድሮ በትምህርት ቤት፣ የሒሳብ መምህራቸው ክፍልፋይ ሲያስተምሩ አስር ልጅ ከሰሌዳው ፊት አቁመው አንዱን በጠመኔ ትከሻውን ነካ ያደርጉ ነበር፤ ያን ጊዜ የገባው እስከ ዛሬ አልወጣም። እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «አሁን ካሉበት ሳይንቀሳቀሱ በዙሪያዎ ያሉትን አስር ሰዎች ይቁጠሩ። ከነሱ በአንዱ ደረት ውስጥ በሽታው ተኝቷል። ያም ሰው አያውቅም።» ከዚያ ምርመራው በነጻ መሆኑንና የጤና ጣቢያውን ቦታ አስከተለ።

በማግስቱ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ለእህቱ አነበበላት። መኪናዋ ቆመ።

«ጆሮሽ ላይ ምን ቀረ?»

«ከአስር ሰው አንዱ፣» አለች ሳትዞር። «ያም ሰው አያውቅም።» ጣቶቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተመለከተቻቸው። ስለ ነጻው ምርመራ አላነሳችም። እሱ ግን ቸኩሎ ነበርና አላስተዋለም። እንዲህ ቃል በቃል የተመለሰለት ጽሑፍ ስላልነበረ ደስ ብሎት ወጣ።

እኩለ ቀን ላይ ተነበበ። አንባቢዋ «ይቁጠሩ» ካለች በኋላ እሱ በወረቀቱ ላይ ምልክት ባደረገላት ቦታ ሁለት ሰከንድ ዝም አለች። አለቃው ከክፍሉ ወጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ጆሮ፣ ዛሬስ ፀጉሬ ነው የቆመው!»

የመጀመሪያውን ነገር ያየው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሆኖም አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ በመካከሉ ሁለት እርምጃ ያህል ባዶ ነበር። ከባዶው በፊት ያሉትን ሳያስበው ቆጠረ። ዘጠኝ። እሱ እያየ አንዲት ሻንጣ የያዘች ሴት መጥታ ባዶው ውስጥ ቆመች። ከፊቷ ያለው ሰውዬ ዞር ብሎ አያትና አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራቀ። ሴትዮዋ ግራና ቀኝ ተመለከተች። ወዲያው የተነገራት ይመስል ከሰልፉ ወጥታ በእግሯ ሄደች።

በማግስቱ ፀጉሩን ሊስተካከል ገባ። ግድግዳውን ተደግፈው አስር ወንበሮች ተደርድረዋል፤ በዘጠኙ ላይ ሰው ተቀምጧል፤ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። «ወንበር አለ እኮ፣» አለ። አንዱ ከቆሙት ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ «ይሁን፣ ቆሜ ብጠብቅ ይሻለኛል» አለው። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አየር ላይ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረገና ወደ ሥራው ተመለሰ።

የሚኖሩበት ሕንጻ ከነምድር ቤቱ አምስት ፎቅ ነው፤ በእያንዳንዱ ፎቅ ሁለት በር አለ። የእሱና የእህቱ ከላይ፣ ከደረጃው በስተቀኝ ያለው የመጨረሻው ነው። በዚያ ምሽት ደረጃውን ሲወጣ ከወትሮው ምን እንደጎደለ ቶሎ አልገባውም። በየፎቁ የድስት ክዳን፣ የልጅ ልቅሶ፣ ክፍት በር ይኖር ነበር። ዛሬ በሮቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ከበሮቹ ጎን፣ ከመቀርቀሪያው ከፍ ብሎ፣ በጠመኔ የተሰመረ ጭረት አለ፤ አንድ ጭረት፣ ከጎኑ በሚቀጥለው በር ሁለት፣ ከላይ ሦስት። ልጆች ሲጫወቱ ያሰመሩት መሰለው። እየወጣ በሄደ መጠን ጭረቱ በዛ። ዘጠነኛው በር ላይ ዘጠኝ ነበር። በራሱ በር ላይ ምንም አልተሰመረም፤ ከዚህ ወዲያ መቁጠር ያላስፈለገ ይመስል ባዶውን ተትቷል።

እህቱ ውስጥ ነበረች። መኪናዋ ተሸፍኗል። ለእሱ ራት አቅርባ፣ የራሷን ሰሃን ይዛ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች።

«ምነው እታለም፣ ወዲህ ነይ እንጂ።»

«እዚሁ ይሻለኛል።»

«ምን ሆንሽ?»

«የአራተኛ ፎቋ ሙሽራ ቀሚሷን ሳይለካ ወሰደችው። መርፌው ገና እላዩ ላይ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ልጃቸውን ልከው፣ ‹እማማ፣ ጨርቃችንን በር ላይ ያስቀምጡልን› አሉኝ።» አሳለች፤ ከወጣትነቷ ጀምሮ የጥጥ ብናኝ ያስላታል። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። «ከሕንጻው የሚያስል እኔ ብቻ ነኝ። ቤቱም አስረኛ ነው። ቆጠርኩት እኮ አንተ። ያልከውን አድርጌ ቆጠርኩት።»

«ሰው ነው ያልኩት! ቤት አላልኩም። ደግሞ በሽታው ሲተኛ አያስልም፤ ሐኪሞቹ ነግረውኛል፣ ወደ ሌላም ሰው አይሻገርም። ለዚህ እኮ ነው የተኛ የሚባለው!»

«እሱን በሬዲዮ አላነበባችሁትም።»

እውነቷን ነው። ጽሑፉ እንዲቀል ብሎ ያወጣት መስመር ናት።

«እሺ፣ ነገ አብረን ሄደን ትመረመሪያለሽ።»

«የታወቀ ነገር ምን ይመረመራል?» አለች በዝግታ። ሳትቆጣ፣ ሳታለቅስ ነው ያለችው። እንዲያ ሆና አይቷት አያውቅም፤ ሰው አምሽቶ ሊመጣ ቀጠሮ የያዘባት ይመስል ወደ በሩ ታይ ነበር። ታች፣ ግቢው ውስጥ ልጆች ይቆጥራሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘጠኝ ሲደርሱ ድምፃቸው ይወርዳል። አስር የሚል አይሰማም፤ የሚሰማው ሮጠው የሚበተኑበት የእግር ኮቴ ብቻ ነው።

በነጋታው መውጫው ላይ ምድር ቤት የሚኖሩትን ጡረተኛ ሾፌር አገኛቸው። ደረጃው ሥር ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ይህን ጭረት ማን አሰመረው?» አላቸው።

«እኔ ነኝ፤ ማን ይሆናል?» አሉ፤ አልደበቁም። «ሬዲዮናችሁ አይደል ቁጠሩ ያለን? የሾፌር ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ የተባለውን ምልክት አከብራለሁ።»

«ለምን ከታች ጀመሩ?»

«በሩ ታች ነዋ! በሰማይ ልግባ?»

«ከላይ ቢጀምሩ አንደኛው ቤት የእኛ ነው። አስረኛው የእርስዎ።»

ሽማግሌው ሊስቁ ብለው ተዉት። ወደ ላይ፣ ወደ ደረጃው ጨለማ ቀና አሉ። «አንተ ሰው፣» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከአስሩ አንዱ መሆን አለበት አላችሁን። ታዲያ አንዱ ካልሆነ ሌላው ሊሆን ነው። የልጅ ልጆች አሉኝ እኮ።»

ሬዲዮ ጣቢያው ሲደርስ ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ ደወለችለት። በሁለት ቀን የመጣላት ሰው አምስት አይሞላም። «ሁሉም የሚለው አንድ ነው፣» አለች። «‹የእኛ ሰፈር ሰው ተገኝቷል፣ እኛ ነጻ ነን› ይሉኛል። ማን አገኘው? እላለሁ። ‹ቆጠርነው› ይላሉ። እኔ እዚህ መርፌ ይዤ ተቀምጫለሁ፣ እነሱ እዚያ በጣት ይመረምራሉ!»

ጋሼ ጆሮ ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። በዚያ ትንፋሽ በሚሰማበት ዝምታ ውስጥ ጽሑፉን እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ አነበበው። ቁጥሩ አልተሳሳተም። አስር ሺህ ሰው ቢቆጠር አንድ ሺህ ያህል ይሆናል፤ መቶ ቢቆጠር አስር አካባቢ ነው። አስር ሰው ሲቆጠር ግን አንድም ላይኖር ይችላል፤ ሦስትም ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው ውስጥ የሚታየውን ነገር እሱ በአስር ሰው መካከል አቁሞት፣ ፊት ላልነበረው ነገር ፊት ሰጥቶታል። ይህን እንዴት ይናገር? «በአማካይ» ቢል ማን ይሰማዋል? ሰንጠረዥ ማሳየት አይቻልም። ጆሮ የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል።

ሲመሽ እህቱን ከሣጥኗ የአዝራር ከረጢቷን እንድታወጣለት ለመናት።

«መቶ አዝራር ስጪኝ። ሁሉም እኩል መጠን፣ ለእጅ የማይለይ። ዘጠና ነጭ፣ አስር ጥቁር።»

«ምን ልታደርገው ነው?»

«እከረጢት ውስጥ ተደባልቆ፣ ሳይታይ፣ አስር አስር እየተቆጠረ ይወጣል። ነጩ ጨርቅ ላይ ይቀመጣል፣ ድምፅ የለውም። ጥቁሩ ብርጭቆ ውስጥ ይጣላል። ሰው በየእፍኙ ስንት ጊዜ ቀጭ እንዳለ ይሰማል።»

አዝራሮቹን አንድ በአንድ እየመረጠች ቆጠረች፤ ከሁለት ቀን ወዲህ እጇ ሥራ ሲነካ ያየው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ቀና አለች።

«እኔ ነኝ የማወጣው።»

«አንቺ?»

«አንተ ካወጣኸው ያመቻቸኸው ይመስላቸዋል። ጆሮህን ነው የሚያምኑት፣ እጅህን አይደለም። አስቀድሞ መሞከር የለም። እዚያው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።» ከረጢቱን አፉን በክር ሸብ አደረገችው። «ግን ስማኝ፣ ወንድምዓለም። እፍኙ ሁሉ አንድ አንድ ከወጣ፣ ነገሩ ልክ ነው ማለት ነው። አስረኛዋ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ሐኪም የምትል ቃል እንዳትወጣህ። ማልልኝ።»

«እታለም፣ ይህ እኮ ሟርት አይደለም፤ ማስረጃ ነው…»

«ማልልኝ።»

ማለላት። የማለላት እያንዳንዱ እፍኝ አንድ አንድ የመሆኑ ነገር እጅግ የማይመስል መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ሌሊቱን ግን ሳይተኛ፣ የማይመስል ማለት የማይሆን ማለት እንዳልሆነ ሲያስብ አደረ። ለሰሚው ሊያስተምር የተነሣውም ይህንኑ ነበር።

በማግስቱ እህቱን ይዞ ሬዲዮ ጣቢያው ሲደርስ፣ አለቃው አስቀድሞ ይቀረጽ ብሎ ተከራከረ። «በቀጥታ ካልሆነ አይሆንም፤ አስተካክለው ቆረጡት ይሉናል» አለ ጋሼ ጆሮ። አለቃው እህቱን አየ፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከረጢቷን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ተከሳሽ ቆማለች። «እሺ፣ ይሁን» አለና ወጣ።

እኩለ ቀን ሆነ። ቀዩ መብራት በራ። አንባቢዋ በፊደል የተጻፈላትን በዝግታ አነበበች፦ «ሰኞ ዕለት አስር ሰው ይቁጠሩ ብለን ነበር። እንዲህ ማለታችን ስህተት ነበር። ለምን ስህተት እንደሆነ አሁን በጆሮዎ ይሰማሉ። በዚህ ከረጢት ውስጥ መቶ አዝራር አለ። አስሩ ጥቁር ነው። ጥቁሩ ሲወጣ ብርጭቆ ውስጥ ይወድቃል። ነጩ ድምፅ የለውም። አንዲት ልብስ ሰፊ ሳታይ አስር አስር ታወጣለች። ያዳምጡ።»

እህቱ ፊቷን ከከረጢቱ መልሳ እጇን አስገባች። አዝራሮቹ እርስ በርስ ሲንሸራተቱ፣ ማይክሮፎኑ ቅርብ ስለነበር፣ ጠጠር ላይ የሚራመድ ሰው ድምፅ ያሰሙ ነበር። አንድ ነጭ። ነጭ። ነጭ። ከዚያ፣ ቀጭ። ከዚያ ዝምታ፣ እስከ አስረኛው።

«በመጀመሪያው እፍኝ፣ አንድ» አለች አንባቢዋ።

ሁለተኛው። ነጭ በነጭ ሆኖ ቆየና መጨረሻዋ ላይ፣ ቀጭ።

«በሁለተኛው እፍኝ፣ አንድ።»

ጋሼ ጆሮ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ በጣቱ ሁለት ብሎ ቆጠረ። የሦስተኛው እፍኝ የመጀመሪያዋ አዝራር ጥቁር ነበረች። ቀጭ። ከዚያ የቀሩት ዘጠኙ ሁሉ ነጭ። «በሦስተኛው እፍኝ… አንድ» አለች አንባቢዋ። እህቱ ቀና አለች። በመስታወቱ አሳልፋ አየችው። ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት ሳይሆን እንኳን ደህና መጣህ የሚል ዓይነት ዝምታ ነበር፤ እሱም ከዚያ የከፋ ነገር አይቶ አያውቅም። አለቃው ከኋላው «እግዚኦ» ሲል ሰማው። በከተማው ሁሉ፣ በተዘጉት በሮች ውስጥ፣ ሰዎች በሬዲዮናቸው ዙሪያ ትንፋሻቸውን ይዘው ይህንኑ እየሰሙ እንደሆነ ታወቀው።

እጇን መልሳ አስገባች። ነጭ። ነጭ። ነጭ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት፤ ድምፅ የለም። ሰባት። ስምንት። ጣቶቿ ከረጢቱ ውስጥ ቆሙ፤ የምታወጣትን አዝራር ለረጅም ጊዜ ያዘቻት። ዘጠነኛዋ ነጭ ነበረች። አስረኛዋን አወጣች፤ መዳፏ ላይ አድርጋ ተመለከተቻት። ማንም አላዘዛትም፤ ጽሑፉ ላይም አልነበረም።

«ባዶ ነው፣» አለች ለማይክሮፎኑ። «ይሄኛው ባዶ ነው። አንድም የለበትም!»

አንባቢዋ ወረቀቷን ረሳች። «ባዶ» አለች እሷም።

አምስተኛው ላይ ብርጭቆው ሦስት ጊዜ ጮኸ። ስድስተኛው ባዶ። ሰባተኛው አንድ፤ ስምንተኛው ሁለት፤ ዘጠነኛው እንደገና ባዶ። በመጨረሻው እፍኝ የቀረችው አንዲት ጥቁር ወደቀች። እህቱ ከረጢቱን ገልብጣ አራገፈችው፤ ምንም አልቀረበትም።

«ጥቁሩ አስር ነበር፤ አስር ወጣ፣» አንባቢዋ ቀጠለች። «ከመቶው አስር የሚለው አልተለወጠም። ግን ከአስሩ እፍኝ ሦስቱ ባዶ ነበሩ። በአንዱ ሦስት ነበር። የትኛው እፍኝ ባዶ እንደሆነ ማንም ቆጥሮ ሊያውቅ አይችልም። ደረጃ ቆጥሮ፣ ወንበር ቆጥሮ፣ ሳል ሰምቶ አይታወቅም። በሽታው ሲተኛ አያስልም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይሻገርም። የሚታወቀው ክንድ ላይ በሚደረግ ምርመራ ብቻ ነው፤ ሲገኝም በክኒን ይታከማል።»

ወደ ቤት በእግር ሄዱ። እህቱ ባዶውን ከረጢት ጠቅልላ ይዛለች። የሕንጻው ደረጃ እንደ ሰሞኑ ጸጥ ብሎ ነበር። ሾፌሩ ወንበራቸው ላይ አልነበሩም፤ ደረጃው መሐል ላይ እርጥብ ጨርቅ ይዘው ተንበርክከው የሦስተኛውን በር ጭረት ያጥባሉ።

«ልብስ ሰፊዋ፣» አሉ ሳይነሡ፣ «ያቺን አራተኛዋን እፍኝ ስታወጪ ልቤ ልትቆም ነበር። ምነው እንዲያ አዘገየሻት?»

«ከረጢቱ ውስጥ ቀዝቅዛ ነው፤ እያሞቅኋት ነበር።»

«ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት ይከፍታል?»

«በሁለት።»

«እንግዲያው በአንድ ተኩል ደረጃው ሥር። እንደ ድሮው የምነዳው የለኝ፣ በእግራችን ነው።» ጨርቁን ጨመቁ። ውሃው ነጭ ሆኖ በደረጃው ተንቆረቆረ።

በማግስቱ ነርሷ የእህቱን ክንድ ወጋች። በሦስተኛው ቀን እንድትመለስ ነገረቻት። በእነዚያ ቀናት እህቱ ስፌት አልጀመረችም፤ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን መብራት ሥር እየያዘች ታየው ነበር። ራት ግን ከእሱ ጋር በላች።

በሦስተኛው ቀን የጤና ጣቢያው መተላለፊያ በሰው ተሞልቷል። ሰልፍ ነበር፤ ክፍተት አልነበረበትም። ከሕንጻቸው የመጡት ተበታትነው ቆመዋል፤ ዐይን ለዐይን ግን አይተያዩም፤ ሁሉም እጅጌው ተሰብስቧል። ነርሷ ከበሩ ላይ ሆና «ስንተኛ ነዎት እማማ?» አለቻት።

«ተራዬ ሲደርስ እገባለሁ። ልብስ ሰፊዋ በዪኝ።»

ገባች፤ ወንድሟም ተከተላት። ነርሷ የተወጋውን ቦታ በጣቷ ደባበሰችው፤ በብዕር አስምራ ለካች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የሦስቱ ትንፋሽ ነበር።

«ምንም የለም፣» አለች። «አላበጠም። ሳሉንም ሐኪሙ ያይልዎታል፤ የብናኝ ይመስላል።»

እህቱ አልሳቀችም፤ እግዜር ይስጥልኝም አላለችም። ለአፍታ የመተላለፊያውን ድምፅ አዳመጠች፤ የጫማ ኮቴ፣ የልጅ ማጉረምረም፣ የሾፌሩ ጉሮሮ ማጥራት።

«ከእኛ ሕንጻስ?» አለች። «አለ?»

ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠች። «እሱን አልነግርዎትም፣ እማማ።»

«ደግ አደረግሽ፣» አለች እህቱ፤ እጅጌዋንም አወረደች። በሩን ከፍታ ወጣችና በሰልፉ ጎን፣ የማንንም ፊት ሳታይ፣ ቀስ ብላ አለፈች።